«ውስጥ አዋቂ» ማን ነው? በአክሲዮን ገበያ ቃላት አሰያየም ላይ የቀረበ ሒስ

የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ከወጣ በኋላ፣ በተለይም የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በጥር ወር 2017 ዓ.ም. ተከፍቶ ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ኩባንያ ከሆነ ወዲህ፣ በአማርኛችን ላይ አንድ አዲስ የቃላት ጎርፍ መጥቶበታል። ጎርፉ ፈጽሞ ያልታወቀ ነው ለማለት አይቻልም። «አክሲዮን» የሚለው ቃል በ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ አማካይነት ከፈረንሳይኛ ወደ ሕጋችን ከገባ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ በብሔራዊ ባንክ ሥር የተጀመረው የአክሲዮን መገበያያም ከአብዮቱ ጋር አብሮ እስኪያከትም ድረስ ለጥቂት ዓመታት ሠርቷል። ያን ጊዜ ግን አክሲዮን የሚገዛና የሚሸጥ ሰው ቁጥሩ እጅግ ጥቂት፣ መኖሪያውም በአብዛኛው አዲስ አበባ ስለነበረ፣ የግብይቱ ቃላት ከጥቂት ቢሮዎች ሳይወጡ ቀርተዋል። ዛሬ ሁኔታው ሌላ ነው። የግል ባንኮች ባለአክሲዮኖች በየአውራጃው ከተማ ይገኛሉ። ስለዚህ የአክሲዮን ገበያ ደንብ የሚጻፍበት አማርኛ፣ ደንቡ የሚያስገድደው ሰው ሁሉ ሊረዳው የሚችል አማርኛ መሆን ይኖርበታል።

የዚህ ሒስ መነሻ አንድ ባለ አራት ገጽ የሠራተኞች መመሪያ ነው። አክሲዮኑን በገበያው ለማስመዝገብ በዝግጅት ላይ የነበረ አንድ ኩባንያ ከእንግሊዝኛ አስተርጉሞ ለቅርንጫፎቹ የላከው ረቂቅ ሲሆን፣ የኩባንያውን ስም መጥቀስ ለጉዳያችን አስፈላጊ አይደለም። ረቂቁን ያገኘሁት በደቡብ ጎንደር፣ በእስቴ መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ በዚያው ቅርንጫፍ ከሚሠራ አንድ ወጣት እጅ ነው። ወጣቱ ወረቀቱን የሰጠኝ ከቋንቋ ሙያዬ የተነሣ እንድፈታለት ነበር። የመመሪያው ዋና ዐረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ «ማንኛውም የውስጥ አዋቂ ሠራተኛ ዋጋ ነክ መረጃ ይዞ ይፋ ከመሆኑ በፊት የውስጥ አዋቂ ንግድ ማካሄድ የለበትም።» ወጣቱ ይህን ካነበበልኝ በኋላ፣ «እንግዲህ ጋሼ፣ እኔ አዋቂ የምባል ሰው አይደለሁም፤ ባለቤቴ የምትነግደውን ጤፍ ግን ልታቆም ነው ማለት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ፌዝ አልነበረም። ዐረፍተ ነገሩን እንደተጻፈ ያነበበ ማንም አማርኛ ተናጋሪ ሊያነሣው የሚገባ ጥያቄ ነበር።

በዚህ ጽሑፍ የምመረምረው ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው። በውስጡ አራት ስያሜዎች ይገኛሉ፤ እነርሱም «ንግድ»፣ «ውስጥ አዋቂ»፣ «ዋጋ ነክ» እና «ይፋ» ናቸው። አራቱም ንጹሕ አማርኛ ናቸው፤ አራቱም በጋዜጦችና በልዩ ልዩ የማስተማሪያ ጽሑፎች ላይ ሲሠራባቸው ይታያል። ችግሩ ቃላቱ ባዕድ መሆናቸው አይደለም። በአማርኛ ውስጥ አስቀድሞ የራሳቸው ሥራ ያላቸው መሆናቸው ነው ችግሩ። የአዋጁን አንቀጾች መተንተን የሕግ ባለሙያዎች ድርሻ ስለሆነ ወደዚያ አልገባም፤ ስያሜዎቹ ክልከላውን በትክክል ይሸከማሉ ወይስ አይሸከሙም በሚለው ላይ ግን እቆያለሁ።

ከቀላሉ እንጀምር። «ንግድ» በአማርኛ የሥራ መስክ ስም ነው። ነጋዴ ማለት ገዝቶ መሸጥን መተዳደሪያው ያደረገ ሰው እንጂ አንድ ቀን አንድ ላም የሸጠ ገበሬ አይደለም። ረቂቁ የሚከለክለው ግን መተዳደሪያን አይደለም፤ አንዲት የመግዛት ወይም የመሸጥ ድርጊትን ነው። አንድ ሠራተኛ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ሃያ አክሲዮኖችን ብቻ፣ በምሥጢር ባወቀው ነገር ተመርቶ ቢሸጥ ክልከላውን ጥሷል። በተቃራኒው ባለቤቱ ዓመቱን ሙሉ ጤፍ ብትነግድ ደንቡ አይመለከታትም። ስለዚህ ትክክለኛው ቃል «ግብይት» ነው። «ግብይት» የገዢና የሻጭን ግንኙነት የሚያመለክት የድርጊት ስም ስለሆነ፣ አንድም ይሁን ብዙ፣ መግዛትም ይሁን መሸጥ፣ ሁሉን ያጠቃልላል። በረቂቁ ውስጥ «ንግድ» በ«ግብይት» ቢተካ ኖሮ የመካነ ኢየሱሱ ወጣት ከጥያቄዎቹ አንዱን ባልጠየቀ ነበር።

ሁለተኛውና ከባዱ ስያሜ «ውስጥ አዋቂ» ነው። ይህ ሐረግ በጋዜጣ ቋንቋ የታወቀ ነው። ስማቸው እንዲገለጽ ያልፈለጉ ውስጥ አዋቂዎች ይህን ተናገሩ ሲባል ሰዎቹ ለጉዳዩ ቅርብ መሆናቸውን፣ ቃላቸውም ሊታመን የሚገባው መሆኑን አንባቢ ይረዳል። ማለትም ሐረጉ የሚያመሰግን ነው። «አዋቂ» የሚለው ቃልም ብቻውን ሲቆም አስተዋይን፣ ለአቅመ አዳም የደረሰን ሰው ያመለክታል። በእስቴና በጋይንት ገጠር ደግሞ፣ እንደ ሌላው የአማራ አገር ሁሉ፣ «አዋቂ» ሌላ ትርጉም አለው፤ ሰው ሲታመም ወይም ንብረት ሲጠፋበት ተደብቆ የሚሄድበት፣ የተሰወረውን ያያል ተብሎ የሚታመን ሰው ነው። «አዋቂ ቤት ሄደ» ከተባለ ሌላ ማብራሪያ አይፈለግም። ወጣቱ «እኔ አዋቂ የምባል ሰው አይደለሁም» ሲል የተናገረው ከእነዚህ ትርጉሞች ጋር ነው። በሦስቱም ትርጉሞች ውስጥ አዋቂነት ችሎታ ነው፤ ሰውየው ከሌላው የሚለየው የበለጠ በማወቁ ነው።

ደንቡ ግን የሚቀጣው በማወቅ አይደለም፤ ይህን ለይቶ ማየት ለስያሜው ወሳኝ ነው። በመካነ ኢየሱስ የገበያ ቀን አንድ የእህል ነጋዴ፣ የጉና ሥር ገብስ ዘንድሮ በውርጭ መመታቱን በእግሩ ሄዶ አይቶ፣ ሌላው ሳያውቅ ገብስ አስቀድሞ ቢገዛና ዋጋው ሲወጣ ቢሸጥ፣ ጎበዝ ነጋዴ ይባላል እንጂ ማንም አይከስሰውም። በአክሲዮን ገበያም እንዲሁ ነው። የባንኮችን የሒሳብ መግለጫ አገላብጦ፣ ከሌላው ቀድሞ አንዱ ባንክ እየደከመ መሆኑን የተረዳ ሰው አክሲዮኑን ቢሸጥ ያደረገው ጥፋት የለም፤ እውቀቱ የራሱ የድካም ፍሬ ነውና። ጥፋቱ የሚመጣው እውቀቱ የተገኘው በአደራ ሲሆን ነው። የቦርድ አባል፣ ሥራ አስኪያጅ፣ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ኦዲተር፣ ጠበቃ፣ እነዚህ ሁሉ የኩባንያውን ምሥጢር የሚያውቁት ለኩባንያው ሥራ እንዲጠቀሙበት ተሰጥቷቸው ነው። ያንን ይዞ ለራስ ጥቅም መገበያየት፣ ለማያውቀው ገዢ ወይም ሻጭ ጉዳት፣ ለሰጠውም ክዳት ይሆናል። ስለዚህ ስያሜው ሊሸከም የሚገባው ጭብጥ እውቀት ሳይሆን አደራ ነው።

ይህ ክርክር በቃላት ላይ ብቻ የተመሠረተ እንዳይመስል አንድ የታወቀ የፍርድ ጉዳይ ልጥቀስ። በኒው ዮርክ በአንድ የገንዘብ ሰነዶች ማተሚያ ቤት የሚሠራ ቺያሬላ የተባለ ሠራተኛ እ.ኤ.አ. በ1975 እና በ1976 አንዱ ኩባንያ ሌላውን ለመግዛት ያዘጋጃቸውን ማስታወቂያዎች ለማተም ያሰናዳ ነበር። ማተሚያ ቤቱ በረቂቆቹ ላይ የኩባንያዎቹ እውነተኛ ስም እንዲቀመጥ አይደረግም፤ ቦታው ባዶ ይተዋል ወይም የሐሰት ስም ይጻፍበታል፤ ትክክለኛው ስም የሚመጣው በመጨረሻዋ የኅትመት ሌሊት ነው። ቺያሬላ ግን ከቀረው ጽሑፍ ተነሥቶ ሊገዙ የታሰቡትን ኩባንያዎች ለይቶ ያውቅ ነበር። አክሲዮኖቻቸውን አስቀድሞ እየገዛ፣ ዜናው ሲወጣ እየሸጠ፣ በ14 ወራት ውስጥ ከ30 ሺህ ዶላር ጥቂት የሚበልጥ ትርፍ አገኘ። ተከስሶ በሥር ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1980 ፍርዱን ሻረለት። ምክንያቱም ሠራተኛው አክሲዮን ለሸጡለት ሰዎች ምንም ዓይነት የታማኝነት ግዴታ አልነበረበትም፤ ግዴታ በሌለበትም ዝም ማለት ብቻውን ማታለል አይሆንም የሚል ነው። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1997 ያው ፍርድ ቤት በሌላ ጉዳይ፣ ምሥጢሩን በአደራ ከሰጠው ወገን ሰርቆ መገበያየት ራሱ ማታለል መሆኑን ተቀበለ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ደንብ ግን ሌላ መንገድ ይከተላል፤ ሰውየው መረጃውን በማናቸውም መንገድ ያግኘው፣ ምንነቱን ካወቀ ወይም ማወቅ ከነበረበት ክልከላው ይይዘዋል።

ቺያሬላ በአማርኛ «ውስጥ አዋቂ» ነበር ወይ? ከአዋቂነት አንጻር እጅግ አዋቂ ነበር፤ የተሰወረውን ስም ፈልቅቆ ያወጣ ሰው ነው። ከ«ውስጥ» አንጻር ግን በየትኛው ኩባንያ ውስጥ እንደነበረ መናገር ያስቸግራል፤ አክሲዮናቸውን ከገዛቸው ኩባንያዎች በአንዱም ውስጥ አልነበረምና። እንግዲህ ሐረጉ በሁለቱም እግሩ ያነክሳል ማለት ነው፤ «አዋቂ» የማይቀጣውን ይጨምርበታል፣ «ውስጥ» ደግሞ ሊቀጣ የሚገባውን ያስቀርበታል።

አንዳንዶች «ኢንሳይደር» የሚለውን እንዳለ እንውሰድ ይላሉ። ይህ አማርኛው ቃል ሲያጣ የሚደረግ ነው፤ ቃል ሳያጣ መበደር ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆናል። አማርኛ «ምሥጢረኛ» የሚባል ቃል አለው። ምሥጢረኛ ማለት ምሥጢር የሚነገረው፣ ምሥጢሩንም ይጠብቃል ተብሎ የሚታመን ሰው ነው። ቃሉ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ ባለቤት ይፈልጋል፤ የማን ምሥጢረኛ ተብሎ ስለሚጠየቅ «የኩባንያው ምሥጢረኛ» ማለት ያስፈልጋል፤ በዚህም ግዴታው ለማን እንደሆነ ከስሙ ይታወቃል። ሁለተኛ፣ በቃሉ ውስጥ አደራ ስላለበት፣ ምሥጢረኛ ሆኖ ምሥጢሩን የሸጠ ሰው ጥፋት እንደሠራ ሕግ ያላነበበም ይፈርዳል። ጉድለቱንም አልሸሽግም። ከምሥጢረኛው አፍ የሰማ፣ ወይም የተጣለ ወረቀት ያነሣ ሰው በትክክለኛው አነጋገር ምሥጢረኛ አይባልም። ለዚህ ሁለተኛ ስያሜ ማበጀት ይበጃል፤ «ምሥጢር የደረሰው ሰው» ቢባል ግልጽ ነው። ሁለቱን መለየት ጉዳት ሳይሆን ጥቅም አለው፤ የአሜሪካና የአውሮፓ ሕጎች የሚለያዩትም በዚሁ በሁለተኛው ሰው ላይ ነውና፣ ተርጓሚው የሁለቱን አስተሳሰብ በአንድ ቃል ሥር እንዳይደብቅ ይረዳዋል።

ሦስተኛው «ዋጋ ነክ መረጃ» ነው። «ነክ» የሚለው ቅጥያ በአማርኛ «የሚመለከት» ማለት ነው፤ ሕግ ነክ፣ ገንዘብ ነክ፣ ፖለቲካ ነክ እንላለን። ስለዚህ «ዋጋ ነክ መረጃ» ስለ ዋጋ የሚናገር መረጃ ይሆናል። የመካነ ኢየሱሱ ወጣትም የተረዳው እንዲሁ ነበር፤ የወለድ መጠንና የውጭ ምንዛሪ ተመን መስሎት፣ «ይህማ በቅርንጫፉ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል» አለኝ። ደንቡ የሚፈልገው ግን ተቃራኒውን ነው። አንድም የዋጋ ቃል የማይገኝበት፣ ሆኖም ሲሰማ የአክሲዮኑን ዋጋ የሚያነቃንቅ ነገር ነው። የባንኩ ፕሬዚዳንት ሥራ ሊለቅ መሆኑ፣ አንድ ትልቅ ተበዳሪ ብድሩን መክፈል ማቆሙ፣ ሁለት ባንኮች ለመዋሐድ መነጋገራቸው ዋጋ ነክ አይደሉም፤ ዋጋ ግን ያንቀሳቅሳሉ።

የአውሮፓው ደንብ እንዲህ ያለውን መረጃ በአራት መመዘኛዎች ይለየዋል። መረጃው ርግጠኛና የተወሰነ መሆን አለበት፤ ስለ ኩባንያው ወይም ስለ አክሲዮኑ መሆን አለበት፤ ገና ለሕዝብ ያልተገለጸ መሆን አለበት፤ ቢገለጽ ደግሞ በዋጋው ላይ ጉልህ ለውጥ ሊያመጣ የሚችል መሆን አለበት። «ባንኩ ዘንድሮ አልቀናውም ይባላል» የሚለው የቡና ወሬ የመጀመሪያውን አያልፍም። «የባንኩ ትርፍ ካለፈው ዓመት በግማሽ ቀንሷል፤ ኦዲተሩም ተቀብሎታል» የሚለው ግን ያልፋል።

አንድ ምሳሌ አድርገን በቁጥር እንየው። የአንድ ተመዝጋቢ ባንክ የሒሳብ ዓመት በሰኔ ይዘጋል፤ ውጤቱ ለባለአክሲዮኖች የሚገለጸው በኅዳር ነው እንበል። በዋናው መሥሪያ ቤት የሒሳብ ክፍል የሚሠራ ሰው የትርፉን በግማሽ መቀነስ በነሐሴ ያውቃል። ለእንቁጣጣሽ ወደ ትውልድ አገሩ ወደ መካነ ኢየሱስ መጥቶ ለአብሮ አደጉ ይነግረዋል። አብሮ አደጉ በባንኩ ውስጥ 400 አክሲዮኖች አሉት። በገበያው የአንዱ ዋጋ 1,300 ብር ሳለ 200ውን በአገናኝ አማካይነት ይሸጣል። በኅዳር ውጤቱ ሲገለጽ ዋጋው ወደ 1,050 ብር ይወርዳል። ሻጩ በእያንዳንዱ አክሲዮን 250 ብር፣ በጠቅላላው 50 ሺህ ብር ከሚሆን ኪሳራ አመለጠ። ያ 50 ሺህ ብር ግን አልጠፋም፤ ገዢው ላይ ወድቋል። ገዢው ማን እንደሆነ ሻጩ አያውቅም፤ ምናልባት በሌላ ከተማ የሚኖር ጡረታውን ያጠራቀመ አስተማሪ ነው። የእህል ገዢ እጁን ከኬሻው ሰዶ ጤፉን አይቶ፣ ነጋዴውን አፍጥጦ ተመልክቶ ይገዛል፤ የአክሲዮን ገዢ ግን የሚመረምረው ኬሻ የለውም። ያለው በኩባንያው የተገለጸው መረጃ ብቻ ነው።

ከዚህ ምሳሌ ረቂቁ የዘነጋቸው ሁለት ነገሮች ይታያሉ። አንደኛ፣ ሻጩ ምንም ትርፍ አላገኘም፤ ከኪሳራ መዳንም ጥፋት ነው። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው አጥፊ አንድም አክሲዮን ያልሸጠው የሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ ጥፋቱ መናገሩ ነው። ረቂቁ ግን «ንግድ ማካሄድ» በሚለው ብቻ ተወስኖ መንገርን ሳይከለክል አልፏል። እንዲህ ላለው መረጃ የማቀርበው ስያሜ «ዋጋ አንቀሳቃሽ መረጃ» ነው። አንድ ተቃውሞ አስቀድሞ ይታየኛል፤ «አንቀሳቃሽ» በርግጥ የሚያንቀሳቅስ እንጂ ሊያንቀሳቅስ የሚችል ማለት አይደለም ይባል ይሆናል። ሆኖም በአማርኛ የአድራጊና የተደራጊ ቅጽሎች ዝንባሌንና ችሎታንም ያመለክታሉ። ነዳጅን «ተቀጣጣይ» የምንለው እየነደደ ሳለ ብቻ አይደለም፤ በበርሜል ተዘግቶ ሳለም ተቀጣጣይ ነው። ዋጋ አንቀሳቃሽ መረጃም በሒሳብ ክፍሉ መዝገብ ውስጥ ተዘግቶ ሳለ ዋጋ አንቀሳቃሽ ነው። ክልከላው የሚጸናውም በዚያው ጊዜ ነው።

አራተኛው «ይፋ» ነው። በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚረቀው ይህ ነው፤ ቃሉ ትክክል ሆኖ ሳለ አገባቡ ያሳስታልና። በአማርኛ «በይፋ መናገር» እና «ይፋ መሆን» የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው የተናጋሪው ድርጊት ነው፤ ሥልጣን ያለው አካል ሳይደብቅ ተናገረ ማለት ነው። ሁለተኛው የነገሩ ሁኔታ ነው፤ ነገሩ ወጥቶ በሁሉ ዘንድ ታወቀ ማለት ነው። በሁለቱ መካከል ደቂቃዎች፣ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ያልፋሉ። የአክሲዮን ገበያ ጥፋት ከሚሠራባቸው ጊዜያት አንዱም ይኸው ክፍተት ነው።

ለዚህ የቴክሳስ ገልፍ ሰልፈር ኩባንያ ጉዳይ ጥሩ አስረጂ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1963 በካናዳ፣ በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር፣ በቲሚንስ ከተማ አቅራቢያ ባደረገው ቁፋሮ እጅግ የበለጸገ የመዳብና የዚንክ ማዕድን አገኘ። ያን ጊዜ የአክሲዮኑ ዋጋ ከ18 ዶላር በታች ነበር። ግኝቱን በምሥጢር ይዞ የአካባቢውን መሬት ሲገዛ ሳለ፣ ጉዳዩን ከሚያውቁት ሠራተኞችና ኃላፊዎች አንዳንዶቹ አክሲዮን ይገዙ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ሚያዝያ 16 ቀን ጧት 4 ሰዓት ላይ (በእኛ አቆጣጠር) ለጋዜጠኞች መግለጫ ተሰጠ። የቦርዱ አባል የነበሩት ኮትስ መግለጫው እንዳበቃ፣ 4 ሰዓት ከ20 ሳይሞላ፣ ለአገናኛቸው ስልክ ደውለው 2,000 አክሲዮኖች እንዲገዙ አዘዙ። ዜናው በገበያተኞች ዘንድ በሚነበበው የዳው ጆንስ የዜና መስመር ላይ የወጣው ግን 4 ሰዓት ከ54 ደቂቃ ላይ ነበር። በግንቦት አጋማሽ የአክሲዮኑ ዋጋ 58 ዶላር ደርሷል። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1968 ሲፈርድ፣ መግለጫው መነበቡ ብቻ እንደማይበቃ፣ ኮትስ ዜናው በዚያ መስመር ሊወጣ ይችላል ተብሎ እስከሚገመትበት ጊዜ ድረስ መታገሥ እንደነበረባቸው አስታወቀ።

በአማርኛችን ስናስቀምጠው፣ ዜናው በ4 ሰዓት በይፋ ተነግሯል፤ ይፋ ግን ገና አልሆነም ነበር። ረቂቁ «ይፋ ከመሆኑ በፊት» ሲል በቀጥታ ሲነበብ ትክክለኛውን መንገድ ይዟል። ነገር ግን በሦስተኛው ገጹ ላይ «ይፋ መሆን ማለት በዋናው መሥሪያ ቤት የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ነው» ብሎ ፈትቶታል። ይህ ሁኔታን በድርጊት መፍታት ነው። በአዲስ አበባ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት መካነ ኢየሱስ ላለ ባለአክሲዮን ይፋ አይደለም። አባቶቻችን ነጋሪት የሚያስጎስሙት በገበያ ቀን በገበያ ቦታ የነበረው፣ አዋጅ ቃሉ ስለተነገረ ብቻ ሳይሆን ሕዝቡ ስለሰማው አዋጅ እንደሚሆን በመረዳት ነው። ስለዚህ በትርጓሜው ውስጥ «ለገበያው ሁሉ እስኪዳረስ» የሚል ቃል መግባት አለበት፤ መዳረስ የመድረሻውን ወገን ስለሚያስብ ነው።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ አንድ ስያሜ አለ፤ ረቂቁ «የዝግ ወቅት» ይለዋል። ውጤት ከመገለጹ በፊት የቦርድ አባላትና የበላይ ኃላፊዎች ጨርሶ የማይገበያዩበት ጊዜ ነው፤ በአውሮፓው ደንብ ከዓመታዊና ከግማሽ ዓመት መግለጫ በፊት 30 ቀናት ነው። «ዝግ» ሲባል ግን የሚዘጋው ገበያው ይመስላል። ገበያው ክፍት ነው፤ የታገዱት ሰዎቹ ናቸው። «የእገዳ ወቅት» ቢባል የተሻለ ነው። ከስያሜው ይልቅ የሚያሳስበው ግን ረቂቁ አስከትሎ «ከዚህ ወቅት ውጪ ሠራተኛው እንደፈለገ መገበያየት ይችላል» ማለቱ ነው። ይህ የትርጉም ስሕተት ብቻ አይደለም፤ ሰውን ወደ ጥፋት የሚመራ ነው። የእገዳው ወቅት ምሥጢር መኖሩ አስቀድሞ የሚገመትበት ጊዜ ነው እንጂ ክልከላው ያለበት ብቸኛ ጊዜ አይደለም። ፕሬዚዳንቱ በመጋቢት ሊለቅ መሆኑን ያወቀ ሰው፣ መጋቢት ከእገዳው ወቅት ውጪ ስለሆነ ነፃ አይሆንም። ለሠራተኛው የሚጠቅመው መለኪያ አንድ ነው፤ «ገዢዬ እኔ የማውቀውን ቢያውቅ በዚህ ዋጋ ይገዛኝ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ነው።

እንግዲህ ዐረፍተ ነገሩን እንደገና ብንጽፈው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «የኩባንያው ምሥጢረኛ የሆነ ወይም ምሥጢሩ የደረሰው ሰው፣ ዋጋ አንቀሳቃሽ መረጃ ሲያውቅ፣ መረጃው ለገበያው ሁሉ እስኪዳረስ ድረስ የኩባንያውን አክሲዮን አይግዛ፣ አይሽጥ፤ መረጃውን ሥራው ካላስገደደው በቀር ለሌላ ሰው አይንገር፤ ማንም እንዲገዛ ወይም እንዲሸጥ አይምከር።» ከቀድሞው ይረዝማል። ነገር ግን ማን፣ ምን ሲያውቅ፣ እስከ መቼ፣ ምን እንዳያደርግ በየተራ ይናገራል። ይህን ለወጣቱ ሳነብለት የባለቤቱን ጤፍ አላነሣም፤ «ታዲያ ለእንቁጣጣሽ የሚመጡት የዋናው መሥሪያ ቤት ልጆች ሲያወሩ ጆሮዬን ልድፈን ነው?» አለኝ። አሁን የጠየቀው ትክክለኛውን ጥያቄ ነው። መልሱም፣ መስማቱ ጥፋት አይደለም፤ ከሰማ በኋላ ግን እጁን ከአክሲዮኑ ላይ ያንሣ የሚል ነው።

በመጨረሻ ለሙያ ባልደረቦቼ፣ በተለይም ለተርጓሚዎች፣ አንድ ነገር አስታውሼ ላብቃ። ቺያሬላ የቦርድ አባል አልነበረም፤ በሌሎች ጽሑፍ ላይ የሚሠራ ሰው ነበር። የተመዝጋቢ ኩባንያ ዓመታዊ ሪፖርት፣ የቦርድ ቃለ ጉባኤ፣ የመዋሐጃ ውል ወደ አማርኛ ወይም ከአማርኛ ሲመለስ ከሒሳብ ክፍሉ ቀጥሎ የሚያነበው ተርጓሚው ነው። ረቂቁ በጠረጴዛው ላይ ባለበት ሌሊት እርሱም የኩባንያው ምሥጢረኛ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ያቀረብኳቸው ስያሜዎች የሚመለከቱት ሌላውን ብቻ አይደለም። ከእነርሱ የተሻለ ያለው ባልደረባ በዚሁ መጽሔት ላይ ቢያቀርብ፣ በተለይም «ምሥጢረኛ» የሚለው ቃል በሌሎች አውራጃዎች አማርኛ የተለየ ጥላ ካለው ቢገልጽ፣ ውይይቱ ይበልጥ ይጠራል።